በፎቶ ያነሳሁትን የሞባይል ገንዘብ ስቴትመንት ስደምር 1,374 ብር በለጠብኝ፤ ከየት መጣ?

ጎፋ_ሰፈር

ሰላም ለሁላችሁ። የጥቅምትን ወጪ በዓይነት በዓይነቱ ለይቼ ማወቅ ፈልጌ፣ ታትሞ የተሰጠኝን ስቴትመንት በሦስት ፎቶ አነሳሁት። ከዚያ ፎቶውን እያየሁ ጉግል ሺትስ ላይ በእጄ አስገባሁ። ወረቀቱ ላይ ቀን፣ የግብይት ቁጥር፣ ዝርዝር፣ ገቢ፣ ወጪ እና ቀሪ ሂሳብ የሚሉ አምዶች አሉ። የያዝኩት ከጥቅምት 1 እስከ 30 ነው፤ ወረቀቱ ላይ ከ11/10/2025 እስከ 09/11/2025 ይላል።

ወሩ ሲጀምር ሂሳቤ ላይ 2,418.35 ነበር። በወሩ ውስጥ 24,500.00 ገባ። መጨረሻ ላይ የቀረው 1,127.90 ነው። ስለዚህ የወጣው 25,790.45 መሆን አለበት። እኔ አንድ በአንድ ያስገባሁት ወጪ ግን ሲደመር 27,164.45 መጣ። ልዩነቱ 1,374.00 ነው። ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አየሁት፣ 1,374 የሚል ረድፍ የለም። የት ልፈልገው?

ደጀን77

እህቴ፣ ለኤምባሲ ከሆነ በፎቶ አይቀበሉሽም። ማህተም ያለበት ዋናውን ይዘሽ መሄድ አለብሽ፣ የስድስት ወር ነው የሚጠይቁት።

ጎፋ_ሰፈር

ለኤምባሲ አይደለም ወንድሜ፣ ለራሴ ነው። የቤት ወጪዬን ለማወቅ።

ቀመር

የቆየች ዘዴ አለች። ልዩነቱን ለ9 አካፍይው። እኩል ከተካፈለ ሁለት አሃዝ ቦታ ተለዋውጠሽ ጽፈሻል ማለት ነው፤ 54ን 45 ብለሽ ከጻፍሽ ልዩነቱ 9 ነው፣ 540ን 450 ካልሽ 90 ነው፤ ሁልጊዜ የ9 ብዜት ይሆናል። 1,374 ግን ለ9 እኩል አይካፈልም፣ 6 ይተርፋል። ስለዚህ የአሃዝ መለዋወጥ አይደለም፤ ያንን ተይው። ሌላው፣ ልዩነቱን ለሁለት አካፍለሽ 687 የሚል ረድፍ ፈልጊ። ገቢ የሆነውን ወጪ ላይ ጽፈሽ ሊሆን ይችላል።

በነገራችን ላይ በእጅ ማስገባት ለምን አስፈለገ? የስልኩ ካሜራ ጽሑፉን ከፎቶ አንብቦ ይገለብጥልሻል፣ ከዚያ መለጠፍ ነው።

ሂሳብ_ሹም

ቀመር ያልከው የ9 ዘዴ ትክክል ነው፤ የሚሠራው ግን ስህተቱ አንድ ብቻ ሲሆን ነው። ሦስት ስህተት ካለ፣ አንዱ ጨምሮ ሌላው ቀንሶ የሚቀረው ቁጥር ለምንም ምልክት አይሆንም። 1,374 ለ9 ስላልተካፈለ ብቻ የአሃዝ መለዋወጥ የለም ማለት አይቻልም። የ687ቱም ነገር እንዲሁ ነው።

ጎፋ ሰፈር፣ በጠቅላላ ድምሩ ላይ አትድከሚ። ወረቀትሽ ላይ የቀሪ ሂሳብ አምድ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። እያንዳንዱ ረድፍ ራሱን በራሱ እንዲመሰክር አድርጊው። ከላይኛው ረድፍ ቀሪ ሂሳብ ላይ ገቢውን ደምሮ ወጪውን ሲቀንስ የዚህኛው ረድፍ ቀሪ ሂሳብ መምጣት አለበት። ካልመጣ ስህተቱ እዚያው ረድፍ ላይ ነው፤ ፍለጋው አንድ ወር ሙሉ መሆኑ ቀርቶ አንድ መስመር ይሆናል።

አምዶቹን እንዲህ አድርጊ፦ A ቀን፣ B የግብይት ቁጥር፣ C ገቢ፣ D ወጪ፣ E የአገልግሎት ክፍያ፣ F ቀሪ ሂሳብ፣ G ማረጋገጫ፣ H ዓይነት። F2 ላይ መነሻውን 2,418.35 ጻፊ። ግብይቶቹ ከረድፍ 3 ይጀምሩ። G3 ላይ ይህን አስገብተሽ እስከ ታች ጎትቺው፦

```
=ROUND(F2+C3-D3-E3-F3,2)
```

ROUND ያስፈለገው ኮምፒውተሩ የሳንቲም ክፍልፋይ ሲቀንስ አንዳንዴ ኢምንት የሆነ ትራፊ ስለሚተው ነው። ሁሉ ነገር ትክክል ከሆነ G አምድ ከላይ እስከ ታች ዜሮ ነው። ዜሮ ያልሆነውን ብቻ ወደ ፎቶው ተመልሰሽ እዪ። ነጌቲቭ ከሆነ ከወረቀቱ በላይ ወጪ ጽፈሻል። ፖዘቲቭ ከሆነ የዘለልሽው ነገር አለ።

አንድ ጥንቃቄ፦ አንዳንድ ስቴትመንት አዲሱን ከላይ፣ የቆየውን ከታች አድርጎ ይታተማል። የአንቺ እንደዚያ ከሆነ መጀመሪያ ከቆየው ወደ አዲሱ ገልብጪው። አለበለዚያ ረድፉ ሁሉ የተሳሳተ ይመስልሻል።

የቀሪ ሂሳብ አምዱን አስገብተሻል ወይስ ወጪና ገቢውን ብቻ?

ጎፋ_ሰፈር

ወጪና ገቢ ብቻ ነበር የጻፍኩት፣ ቀሪው ምን ይሠራል ብዬ። አሁን አስገባለሁ።

ሚሚ_ከሪያድ

የእኔ ደግሞ ትንሽ ይለያል። ወንድሜ አዲስ አበባ ሆኖ የቤቱን ወጪ ከኔ ጋር ስለሚሠራ ስቴትመንቱን በቴሌግራም ፎቶ ይልክልኛል። 3 ይሁን 8፣ 5 ይሁን 6 አይለይም። ሳጎላው ይበልጥ ይደበዝዛል። ምን ላድርግ?

ሂሳብ_ሹም

ሚሚ፣ ፎቶው ሲነሳ ሳይሆን ሲላክ ነው የተበላሸው። ቴሌግራም በፎቶነት የተላከውን ይጨምቀዋል። ወንድምሽ ያንኑ ፎቶ በፋይል መልክ ይላክልሽ፤ ሲመርጥ ከጋለሪው ሳይሆን "ፋይል" ከሚለው ይግባ፣ በሙሉ መጠኑ ይደርስሻል። ሲያነሳም ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አንጥፎ፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጎ፣ ፍላሹን አጥፍቶ በመስኮት ብርሃን ቢያነሳ ይሻላል። ከጎን ከተነሳ ረድፎቹ ያዘነብሉና የአንዱ ዝርዝር ከሌላው ብር ጋር ይታያል።

ከሁሉም የሚጎዳው ግን የቀኝ ጠርዙ ሲቆረጥ ነው። ሰው ስሙና ብሩ ከታየ በቂ ይመስለዋል፤ በቀኝ በኩል ያለው ቀሪ ሂሳብ ከተቆረጠ ግን ማረጋገጫው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። 3 ወይስ 8 ብለሽ የተጠራጠርሽውን አሃዝ ራሱ ቀሪ ሂሳቡ ይፈርድልሻል። ከላይ ያለው ቀሪ 2,640.00፣ ከታች ያለው 2,260.00 ከሆነ መሃል ላይ የወጣው 380 ነው፣ 330 ሊሆን አይችልም።

ቀመር፣ ከፎቶ ጽሑፍ ስለመገልበጥ ላነሳኸው፦ ይሠራል፣ ግን ተራ የጽሑፍ ገልባጭ ብዙ ጊዜ አምዱን ወደታች አንብቦ ይጨርስና ወደ ቀጣዩ አምድ ይሄዳል። ስሞቹ ለብቻ፣ ብሮቹ ለብቻ ይወጣሉ። መሃል ላይ አንድ ባዶ ቦታ ካለ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ አንድ ረድፍ ይንሸራተታል። የኤክሴል የስልክ መተግበሪያ ላይ ከፎቶ ሰንጠረዥ የሚያነብ አማራጭ አለ፤ እሱ አምዶቹን ይጠብቃል። እሱም ቢሆን ያለ G አምድ አይታመንም።

ቀመር

ልክ ነህ፣ ተቀብያለሁ። ልጨምርበት፦ ከፎቶ የተገለበጠ ቁጥር አንዳንዱ ቁጥር መስሎ ጽሑፍ ነው። ዜሮው የላቲን O ሆኖ፣ ወይም ነጥቡ ኮማ ሆኖ ይመጣል። SUM ጽሑፍ የሆነውን ምንም ሳይል ይዘለዋል፣ ድምሩ ዝቅ ይልብሃል። የሚታወቀው በዚህ ነው፦

```
=COUNTA(D3:D80)-COUNT(D3:D80)
```

ዜሮ ካልመጣ የመጣው ቁጥር ያህል ሴል ቁጥር አይደለም ማለት ነው። በዓይንም ይታያል፤ ቁጥር ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ወደ ግራ።

ጎፋ_ሰፈር

ቀሪ ሂሳቡን አስገብቼ ጨረስኩ። ዜሮ ያልሆኑት ስምንት ረድፎች ናቸው። ሁለቱ ትልልቅ ነጌቲቭ ናቸው፦ አንዱ -450.00፣ ሌላው -970.00። የቀሩት ስድስት ትናንሽ ፖዘቲቮች ናቸው፣ አንዱ ለምሳሌ 6.90 ነው፤ ስድስቱ ሲደመሩ 46.00።

970 የሚል ግብይት ግን የለኝም። -450 ያለበት ረድፍ ከሱቅ የገዛሁበት 1,830 ነው። ከላዩ ያለው ቀሪ 4,962.10፣ የእሱ ቀሪ 3,582.10 ነው።

ሂሳብ_ሹም

450፣ 970 እና 46ን እዪ። 450 ሲደመር 970 ሲቀነስ 46 ስንት ነው? 1,374። ልዩነትሽ በሙሉ ተገኝቷል። አሁን አንድ በአንድ።

ከ4,962.10 ላይ 3,582.10 ስትቀንሺ 1,380 ነው። ወረቀቱ 1,380 ይላል፣ አንቺ 1,830 ብለሻል። 450 ለ9 ይካፈላል፣ የቀመር ዘዴ እዚህ ላይ ሠራች፤ ጠቅላላ ድምሩ ላይ ግን ተሸፍና ነበር።

970ው ላይ ሁለተኛው ፎቶ የሚጀምርበት ረድፍ አይደል? ከእሱ በላይ ያሉትን ሁለት ረድፎች ጻፊልኝ።

ጎፋ_ሰፈር

አዎ፣ የሁለተኛው ፎቶ የመጀመሪያ ረድፍ ነው! የአንደኛው ፎቶ መጨረሻ ሁለት ረድፎች፦ 850.00 ሱቅ፣ ቀሪ 1,225.20፤ ከዚያ 120.00 ታክሲ፣ ቀሪ 1,105.20። የሁለተኛው ፎቶ መጀመሪያ ሁለት ረድፎችም... 850 ሱቅና 120 ታክሲ ናቸው። ሱቁ ስለምመላለስበት ሌላ ቀን መስሎኝ።

ሂሳብ_ሹም

ሁለቱ ፎቶዎች ተደራርበዋል፤ ሁለት ረድፍ ሁለት ጊዜ ገባ። መደራረቡ ጥፋት አይደለም፣ ሆን ብለሽም ብታደርጊው ጥሩ ነው፣ መሃል ላይ ረድፍ እንዳይጠፋ ይጠብቃል። ጉዳቱ ደጋግሞ መጻፉ ነው።

970 ለምን በአንድ ረድፍ ላይ ብቻ እንደወጣ ልብ በይ። ከ1,105.20 ላይ እንደገና 850 ስትቀንሺ 255.20 ነው፣ ወረቀቱ ግን 1,225.20 ይላል፤ ልዩነቱ -970። ቀጣዩ ረድፍ ላይ ግን ከ1,225.20 ላይ 120 ሲቀነስ 1,105.20 ስለሚሆን ዜሮ ይመጣል። ስለዚህ የተደጋገመ ቁርጥራጭ ሁልጊዜ መግቢያው ላይ ብቻ ነው የሚጮኸው፣ የሚጮኸውም በጠቅላላ ድምሩ ነው። አምስት ረድፍ ቢደገምም ምልክቱ አንድ ነው። በተቃራኒው ፎቶው ረድፍ ቆርጦ ከሆነ፣ የተቆረጡት ወጪዎች ድምር ያህል ፖዘቲቭ በአንድ ቦታ ይወጣል።

ትናንሾቹ ስድስቱ የአገልግሎት ክፍያ ናቸው። 6.90 ማለት 6.00 ክፍያና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 0.90 ነው። 46ቱም እንዲሁ፣ 40 ክፍያ እና 6 ታክስ ነው። ወረቀትሽ ላይ ክፍያው ራሱን ችሎ ስላልተጻፈ ከቀሪ ሂሳቡ ውስጥ ብቻ ነው የሚገኘው። E አምድ ላይ አስገቢያቸው።

ክፍያውን በተለየ ረድፍ የሚያትም ስቴትመንት ያለው ሰው ግን E ላይ ደግሞ እንዳይጽፈው፤ ሁለት ጊዜ ይቆጠርበታል።

ቀመር

የተደጋገመውን ከመጀመሪያው በግብይት ቁጥሩ ማግኘት ይቻል ነበር። COUNTIF አድርገሽ ከ1 በላይ የመጣውን መሰረዝ ነው።

ሂሳብ_ሹም

ዝም ብሎ መሰረዝ አይሆንም ወንድሜ። አሁን እንዳልኩት ክፍያው በተለየ ረድፍ ሲታተም የዋናውን ግብይት ቁጥር ይዞ ሊመጣ ይችላል። ቁጥሩን ብቻ አይተህ ከሰረዝክ ትክክለኛ ወጪ ጠፋ። ቁጥሩንና ቀሪ ሂሳቡን አንድ ላይ እይ፤ ሁለቱም ከተመሳሰሉ ያኔ ያው ረድፍ ነው።

```
=COUNTIFS(B$3:B$80,B3,F$3:F$80,F3)
```

የግብይት ቁጥሩ ፊደል ሳይኖረው አሃዝ ብቻ ሆኖ ከ15 አሃዝ ከበለጠ ደግሞ ኤክሴል የመጨረሻዎቹን ወደ ዜሮ ይለውጣቸውና የተለያዩት አንድ ይመስላሉ። የዚያን ጊዜ G አምድ ይበቃል።

ሌላ ሳልዘነጋው ልበል፦ G ላይ ተከታታይ ሁለት ረድፎች +50 እና -50 ቢያሳዩ ወጪው ላይ ምንም ችግር የለም፤ የተሳሳተው የላይኛው ረድፍ ቀሪ ሂሳብ አጻጻፍ ነው። ብሩን ለማስተካከል አትሞክሩ።

ባለሱቁ

ኮምፒውተር ለሌለን ምን ትመክራለህ? እኔ በደብተርና በካልኩሌተር ነው የምሠራው።

ሂሳብ_ሹም

ባለሱቁ፣ ያው ማረጋገጫ በገጽ ይሠራል። ፎቶ በፎቶ ለይተህ፣ ከገጹ የመጀመሪያ ረድፍ በፊት የነበረው ቀሪ ሂሳብ ላይ የገጹን ገቢ ደምረህ ወጪውን ቀንስ። የገጹ መጨረሻ ቀሪ ካልመጣ ስህተቱ እዚያ ገጽ ላይ ነው። ከዚያ ገጹን ለሁለት ክፈለው፣ ከመሃል ያለውን ቀሪ ሂሳብ እንደ መጨረሻ ቁጠረው። ሠላሳ ረድፍ ካለው ገጽ ላይ አምስት ጊዜ ከከፈልከው ረድፉ ላይ ትደርሳለህ። ገጹ ላይ አንድ ስህተት ብቻ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ከበዛ በየአሥር ረድፉ ማረጋገጥ ይሻላል።

የቴሌብር ተጠቃሚ ከሆንክና አንድ ረድፍ ጨርሶ ካልተነበበ፣ ከ127 የመጣልህን አጭር መልእክት ፈልግ። የግብይት ቁጥሩ፣ ብሩ፣ የአገልግሎት ክፍያውና በዚያ ሰዓት የቀረህ ሂሳብ እዚያ አለ። መልእክቱን አትሰርዝ።

ጎፋ_ሰፈር

1,830ን ወደ 1,380 መለስኩ፣ ሁለቱን ድግም ረድፎች ሰረዝኩ፣ ክፍያዎቹን E ላይ አስገባሁ። D እና E ሲደመሩ 25,790.45፣ G በሙሉ ዜሮ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ስለዚህ የጥቅምት ወጪዬ 25,790.45 ነው ማለት ነው? ትንሽ በዛብኝ።

ሂሳብ_ሹም

ያ ከሂሳቡ የወጣው ነው እንጂ ያወጣሽው አይደለም። ሁለቱ ይለያያሉ። ከራስሽ ወደ ራስሽ የሄደ፣ ተመልሶ የመጣ፣ የብድር ዋና ገንዘብ፤ እነዚህ ወጪ አይደሉም። የገባውን 24,500 ዘርዝሪልኝ፤ አብዛኛው መልስ ያለው እዚያ ነው።

ጎፋ_ሰፈር

ከባንክ ሂሳቤ ያዞርኩት 23,000። ከመተግበሪያው የተበደርኩት 1,000። ደግሞ 500 ተመላሽ የሚል አለ፤ ለአንድ ነጋዴ ስከፍል አልሄደም ብሎ ብሩ በማግስቱ ተመልሶልኛል።

ከወጣው ደግሞ 4,000 ወደ ባንኬ መልሻለሁ፣ 2,000 እቁብ ነው፣ ለብድሩ 1,060 ተቆርጧል፣ ከወኪል 3,000 በጥሬ አውጥቻለሁ።

ሂሳብ_ሹም

እንግዲያው፦ ያልሄደው 500 ወጪም ገቢም ላይ አለ። ሚዛኑን አያዛባም፣ G ዜሮ ነው የሚለው፤ ወጪሽን ግን በ500 ያሳብጠዋል። ከሁለቱም በኩል "ተመላሽ" በይው። ከብድሩ 1,000ው ዋናው ነው፣ ወጪ የሆነው 60ው ብቻ ነው። ረድፉን ለሁለት ክፈይው። ወደ ባንክ የመለስሽው 4,000 ከኪስ ወደ ኪስ ነው። እቁቡን 2,000 እኔ ቁጠባ ውስጥ እከተዋለሁ።

500፣ 1,000፣ 4,000 እና 2,000 ሲደመር 7,500። ከ25,790.45 ላይ ሲቀነስ 18,290.45። የጥቅምት ወጪሽ ይህ ነው።

ባለሱቁ

በእቁቡ አልስማማም። ዕጣው ገና ካልደረሰሽ ቁጠባ ነው፣ እሺ። ቀድሞ ከደረሰሽና ገንዘቡን ከበላሽው ግን አሁን የምትከፍይው ዕዳ ነው። እጅሽ ላይ ምንም አይጠራቀምም። ቁጠባ ብለሽ ብትጽፊው ራስሽን ታታልያለሽ።

ሂሳብ_ሹም

ዕዳ መሆኑን እቀበላለሁ። የዕዳ ዋና ግን አሁንም የዚህ ወር ወጪ አይደለም፤ ወጪው ዕጣው የወጣ ጊዜ በገንዘቡ የተገዛው ነገር ነው። ለዚህ "እቁብ" የሚል የራሱ ዓይነት ይኑረው፣ ከወጪ ውጭ ይቀመጥ። እድር ግን ሌላ ነው፣ እሱ ወጪ ነው።

ባለሱቁ

በወር በወሩ ከኪሴ የሚወጣውን ነው እኔ ማወቅ የምፈልገው። ለእኔ ወጪ ነው።

ጎፋ_ሰፈር

የእኔ ዕጣ ገና አልወጣም፣ ስለዚህ ለጊዜው ከወጪ ውጭ አደርገዋለሁ። አሁን በዓይነት ከፋፈልኩት፦ የቤት ኪራይ 7,000፣ ምግብ 4,011፣ ለእናቴ 1,500፣ ትራንስፖርት 1,245፣ ካርድና ጥቅል 800፣ መብራትና ውሃ 628.45፣ የአገልግሎት ክፍያ 46፣ የብድር ክፍያ 60፣ ጥሬ ገንዘብ 3,000። ድምሩ 18,290.45፣ ገጥሟል።

መጀመሪያ ግን ምግቡ በSUMIF ሲደመር 3,161 ነበር የሰጠኝ፣ 850ዋን ለቅማ አላስገባችም። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፣ በእጄ ነው የጨመርኩት።

ቀመር

"ምግብ" ብለሽ ከጻፍሽ በኋላ ባዶ ክፍተት ቀርታ ይሆናል። በዓይን አትታይም፣ ለቀመሩ ግን ሌላ ቃል ናት። በአማርኛ ሲጻፍ ደግሞ የባሰ አለ፦ "ህክምና" እና "ሕክምና"፣ "ኪራይ" እና "ክራይ"። እኛ አንድ ብለን እናነባለን፣ ሺትሱ ሁለት ዓይነት ያደርጋቸዋል። በእጅ አትጨምሪ፣ H አምድ ላይ ከዝርዝር የሚመረጥ ሳጥን አድርጊ፣ ዳታ የሚለው ውስጥ አለ። ከዚያ፦

```
=SUMIF(H$3:H$80,"ምግብ",D$3:D$80)
```

በዚህ ቀመር የሚወጣው የሁሉም ዓይነቶች ድምር፣ ከወጪ ውጭ ያደረግሻቸውንም ጨምሮ፣ ከD ድምር ጋር ካልገጠመ ዓይነት የሌለው ወይም በሌላ ፊደል የተጻፈ ረድፍ አለ።

ጎፋ_ሰፈር

አዎ ክፍተት ነበረች! አስተካከልኩ።

ሚሚ_ከሪያድ

እኔ የምቆጥረው በፈረንጅ ወር ነው፣ ደመወዜ በዚያ ስለሆነ። ወንድሜ ግን ኪራይ የሚከፍለው በኢትዮጵያ ወር በ21 ነው። ኦክቶበር ላይ ኪራይ ሁለት ጊዜ መጣብኝ፣ ስቴትመንቱ ተደጋግሞ ነው ብዬ አንዱን ሰረዝኩት። አሁን ሳየው የግብይት ቁጥሩ የተለያየ ነው።

ሂሳብ_ሹም

አትሰርዥው ሚሚ፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። መስከረም 21 ኦክቶበር 1 ነው፤ ጥቅምት 21 ደግሞ ኦክቶበር 31። ወሮቻችን 30 ቀን ስለሆኑ ሁለት የኪራይ ቀን በአንድ የ31 ቀን ወር ውስጥ ወደቀ። የሁለት ወር ኪራይ ነው። ወይ ሁለታችሁም በኢትዮጵያ ወር ቁጠሩ፣ ወይ ኪራዩን በከፈለበት ቀን ሳይሆን በተከፈለለት ወር አስገቢው። ስቴትመንቱ በፈረንጅ ቀን ስለሚታተም እንደ ጎፋ ሰፈር መጀመሪያውንና መጨረሻውን ቀን አስቀድሞ መለወጥ ነው። ቀኑ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደተጻፈም እዪ፤ 11/10 እና 10/11 በአንድ ወር ይለያያሉ። ከ12 የሚበልጥ አሃዝ ያለበትን ረድፍ ብታዪ ቀኑ የትኛው እንደሆነ ይነግርሻል።

ጎፋ_ሰፈር

የቀረኝ ጥሬ ገንዘቡ ነው። 3,000ው ከ18,290 ውስጥ ትንሽ አይደለም፣ በምን እንደወጣ ግን አላስታውስም።

ቀመር

በግምት ክፈይው። ግማሹን ምግብ፣ ግማሹን ትራንስፖርት በይው። በጥሬ የሚከፈለው ታክሲና ጉልት ነው።

ሂሳብ_ሹም

እኔ አልከፍለውም። ከቀሪ ሂሳቡ ጋር የገጠመውን 15,290.45 በግምት ከምታበላሺው፣ 3,000ውን "ጥሬ ገንዘብ" ብለሽ ብቻውን ተይው። ስቴትመንቱ ከወኪሉ እጅ በኋላ ስላለው ምንም አያውቅም። የኅዳርን ለማወቅ ከፈለግሽ ጥሬ ገንዘብ ባወጣሽ ቁጥር ያለቀበትን በዚያው ቀን ስልክሽ ላይ ጻፊ። ያለፈውን ማንም አያመጣውም።

ባለሱቁ

ስም ብቻ ያለባቸውንስ? እኔ ብዙ ደንበኛ በግል ቁጥሬ ነው የሚልክልኝ። ከፋዩ ስቴትመንት ላይ የሱቁ ስም አይታይም፣ የእኔ ስም ነው የሚታየው። ከሦስት ወር በኋላ ለምን እንደከፈለ ማን ያስታውሳል?

ጎፋ_ሰፈር

እንደዚያ ዓይነት አራት ረድፍ ነበሩኝ። ሦስቱን በሰዓቱና በብሩ ለየኋቸው፣ አንዱን 240 ብር አላወቅሁትም፣ ምግብ ውስጥ ነው የከተትኩት።

ሂሳብ_ሹም

ያልታወቀውን "ያልታወቀ" ብለሽ ለብቻው አስቀምጪው፤ ምግብ ውስጥ ከገባ በሚቀጥለው ወር ከምታነጻጽሪው ጋር አይገጥምም። ምግቡ 3,771 ይሆናል፣ ያልታወቀ 240። ባለሱቁ፣ በአንተ በኩል ደግሞ ደንበኛው ሲልክ መግለጫው ላይ "ሱቅ" ብሎ እንዲጽፍ ብትነግረው ለእሱም ለአንተም ይጠቅማል፤ መግለጫው ስቴትመንቱ ላይ መውጣት አለመውጣቱ ግን እንደ አገልግሎቱ ይለያያል፣ አንድ ጊዜ በትንሽ ብር ሞክሩት።

ጎፋ ሰፈር፣ ፎቶውን እዚህ ለመለጠፍ ካሰብሽ ስልክ ቁጥሮቹንና የሰዎቹን ስም አስቀድመሽ ሸፍኚ። የእናትሽና የአከራይሽ ስም አብሮ አለ።

ጎፋ_ሰፈር

አልለጥፍም። 240ውን አወጣሁት። መስከረምን ነገ በዚሁ ቅጽ እሞክራለሁ፤ መነሻ ቀሪ ሂሳቡ ግን ፎቶዬ ላይ አልታየም፣ የመጀመሪያው ገጽ ራስጌው ተቆርጧል።

ሂሳብ_ሹም

ከመጀመሪያው ረድፍ ወደኋላ አስይው። የመጀመሪያው ረድፍ ቀሪ ሂሳብ ላይ የዚያኑ ረድፍ ወጪና ክፍያ ደምሪ፣ ገቢ ካለው ቀንሺ፤ መነሻው ይወጣል። ረድፉ ላይ ክፍያ ይኑር አይኑር ካላወቅሽ ግን ያ መነሻ በክፍያው ያህል ሊሳሳት ይችላል፤ የዚያን ቀን መልእክት ፈልጊ።